አንድ ምድጃ፣ ሦስት በር፦ የምግብ ቤትን የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ ከወጥ ቤቱ አቅም ጋር የማጣጣም መመሪያ

ምሳ ሰዓት ላይ የአንድ ምግብ ቤት ምድጃ ሦስት ዓይነት ደንበኛ ይጠብቀዋል። አንዱ በእግሩ ገብቶ የተቀመጠው ነው፤ ሌላው ከቢሮው ሳይነሳ በስልክ ወይም በዴሊቨሪ መተግበሪያ ያዘዘው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ለእንግዶቹ ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛ ያስያዘው ነው። የሚገቡበት በር ይለያይ እንጂ የሚበሉት ከአንድ ወጥ ቤት የሚወጣ ምግብ ነው። ይህ እየተዘነጋ «ይምጡ፣ ይዘዙ፣ ቦታ ያስይዙ» የሚል አንድ ማስታወቂያ ረቡዕ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ በሁሉም ገጾች ይለጠፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞተረኞች በሩ ላይ ተደርድረው ሲጠብቁ፣ የተቀመጠው ደንበኛ ሰዓቱን እያየ ሲቆጣ፣ ያስያዘው ሰው ጠረጴዛው በሌላ ሰው ተይዞ ሲያገኘው፣ ማስታወቂያው የጠራቸውን ሰዎች ሁሉ መልሶ ያሸሻል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከስልኩ ሳይሆን ከወጥ ቤቱ ነው። ለማስላት እንዲመች አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት አካባቢ የሚገኝ፣ የሀገራችንን ምግብ የሚያቀርብ፣ 40 መቀመጫ ያለውና ዙሪያውን በቢሮዎች የተከበበ አንድ ቤት ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። ቁጥሮቹ የዚህ ምሳሌ ናቸው፤ አንባቢው በራሱ ቤት ቁጥር ይተካቸው። አካሄዱ ግን አንድ ነው።

አንደኛ፦ ወጥ ቤቱ በሰዓት ስንት ሳህን እንደሚያወጣ ይቁጠሩ

ለአንድ ሙሉ ሳምንት በእያንዳንዱ ቦኖ ላይ ሁለት ሰዓት ይጻፍ፤ ትእዛዙ ወጥ ቤት የገባበትና ሳህኑ የወጣበት። ረቡዕና ዓርብ እንዳይዘለሉ፤ የጾም ቀን ወጥ ቤትና የፍስክ ቀን ወጥ ቤት አቅማቸው አንድ አይደለም። ጾም ሲሆን ምስር ክኩ፣ አተር ክኩ፣ ጎመኑና ፎሰሊያው ቀድመው ስለሚበስሉ በምሳ ሰዓት የሚቀረው ሥራ ማውጣት ብቻ ነው። በፍስክ ቀን ግን ጥብሱ የሚጠበሰው ታዝዞ ስለሆነ ምድጃው ራሱ ወረፋ ይይዛል።

በምሳሌው ቤት በፍስክ ቀን በሰዓት እስከ 45 ሳህን ሲታዘዝ ምግቡ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፤ ከ45 ሲያልፍ ግን ጥበቃው በአንድ ጊዜ ወደ 35 እና 40 ደቂቃ ይዘላል። ጥበቃው ቀስ እያለ ሳይሆን በድንገት የሚዘልበት ያ ቁጥር የወጥ ቤቱ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ከየት እንደመጣም ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ የምድጃው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምድጃው ሳይሆን እንጀራ ላይ ወጥ የምታወጣው አንዲት ሠራተኛ ብቻ መሆኗ ነው፤ ወይም ለሳህንም ለፌስታልም የሚሆነው ምግብ በአንድ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ መዘጋጀቱ ነው። የዴሊቨሪ ማሸጊያ ጠረጴዛን ለብቻ ማድረግ፣ ምንም ሳይለጠፍ፣ የምሳ ሰዓቱን መጨናነቅ የሚያቀልበት ቤት አለ።

ሁለተኛ፦ ያጠረው ምድጃው ነው ወይስ ወንበሩ?

ቦኖዎቹ በሰዓት በሰዓት ሲደረደሩ የሚከተለው ይታያል። ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት ተቀምጠው የሚበሉት ብቻ 38 ሳህን ይወስዳሉ፤ ለዴሊቨሪ የሚተርፈው 7 ነው። ከ7 እስከ 8 ሰዓት የተቀመጡት ወደ 22 ስለሚወርዱ ከ20 በላይ ይተርፋል። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ምድጃውም ወንበሩም ባዶ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰው ተቀምጦ ስለሚጫወትና በ45 ደቂቃ ስለማይነሳ ወንበሩ ሞልቶ ሳለ ወጥ ቤቱ ገና 20 ሳህን ማውጣት ይችላል።

ጠቅላላው ስልት የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። በምሳ ሰዓት ያጠረው ምድጃ ነው፤ በእራት ሰዓት ያጠረው ወንበር ነው። ስለዚህ ዴሊቨሪን የሚጠራ መልእክት ለእራት በነፃነት ይለቀቃል፤ ለምሳ ግን ከ7 ሰዓት በኋላ ላለው ጊዜ ወይም ጠዋት ቀድሞ ለሚያዝ ሰው ብቻ ይሆናል። ቦታ ማስያዝ የሚያስፈልገው ወንበር በሚያጥርበት ሰዓት ነው፤ በእግር የሚመጣውን ሰው ለመጥራት የሚገባው ደግሞ ሁለቱም ባዶ በሆኑበት ከ9 እስከ 11 ሰዓት ነው።

ሒሳቡም ይህንኑ ይደግፋል። አንድ በየዓይነቱ 300 ብር ይሸጣል እንበል፤ መተግበሪያው 20 በመቶ ኮሚሽን ቢወስድ 60 ብር፣ ማሸጊያው 30 ብር ይሄዳል፤ ለቤቱ የሚደርሰው 210 ብር ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ያ ሳህን ለተቀመጠ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ 300 ብርና የመጠጥ ሒሳብ ያስገባ ነበር፤ ለሞተረኛው መሰጠቱ ከ90 ብር በላይ አሳጥቷል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ወንበሩ ሞልቶ ሳለ የተሸጠው ያው ሳህን ግን ካለእርሱ የማይገኝ 210 ብር ነው። ሁለቱ ትእዛዞች በመተግበሪያው ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ በካዝናው ውስጥ ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

ሦስተኛ፦ ምግቡ ራሱ በሩን ይምረጥ

ከምግብ ዝርዝሩ ውስጥ መንገድ የሚችለውንና የማይችለውን ይለዩ። ተጋቢኖ የሚያምረው እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው፤ በፕላስቲክ ዕቃ ለግማሽ ሰዓት ከተጓዘ ተድፋፍቶ ይደርሳል። የሸክላ ጥብስ ከሰልና ሸክላው ከተለየው ተራ ጥብስ ነው። ማኪያቶ አረፋው ይሞታል። በአንጻሩ ምስር ወጥ፣ ዶሮ ወጥና ጎመን ከእንጀራው ተለይተው ከታሸጉ መንገድ ይችላሉ። ወጡ እንጀራው ላይ ፈስሶ ከተላከ ግን ደንበኛው የሚከፍተው የራሰ እንጀራ ነው፤ ፎቶውን አንስቶ አስተያየት ላይ ሲለጥፈው ደግሞ ጥፋቱ የሞተረኛው ሳይሆን የቤቱ ይሆናል።

መንገድ የማይችለው ምግብ ለቪዲዮ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ተጋቢኖው ሲንተከተክ፣ አስተናጋጇ ሸክላውን ስታኖር፣ ጭሱ ሲነሣ የሚያሳይ የ12 ወይም የ15 ሰከንድ ቪዲዮ፣ ሙዚቃ ሳይጨመርበት በራሱ ድምፅ ብቻ፣ ሰውን ወደ ወንበሩ ይጠራል፤ ያንን ምግብ ከቤት ሆኖ ማዘዝ ስለማይቻል ዴሊቨሪውን አያጨናንቅም። መንገድ የሚችለው ምግብ ግን በሚደርስበት መልኩ ይነሣ፤ ታሽጎ፣ ተከፍቶ፣ እንጀራው በጎኑ ተጠቅልሎ። በሰፌድ ላይ የተነሣ ፎቶ ለዴሊቨሪ ማስታወቂያ ማዋል የማይፈጸም ቃል መግባት ነው።

አራተኛ፦ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሥራ ይስጡ

አራትና አምስት ገጽ ከፍቶ አንድን ፎቶ ለሁሉም መላክ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ለምሳሌው ቤት እንዲህ ቢከፈል ይሻላል።

ጉግል ማፕ በእግር ለሚመጣው ነው። «በአቅራቢያዬ ምግብ ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ርቦት መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው። ቦታው በካርታው ላይ በትክክል መቀመጡን በአካል ሄደው ያረጋግጡ፤ የበሩን፣ የሕንፃውንና ሰው የሚያውቀውን ምልክት ከመንገድ ቆመው ያንሡ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ የሚነገረው «ከእገሌ ሕንፃ ፊት ለፊት» ተብሎ ነውና። ለፋሲካ፣ ለገናና ለሌሎች በዓላት የመክፈቻ ሰዓቱን Special hours በሚለው ቦታ አስቀድመው ይሙሉ። «ክፍት ነው» ተብሎ ተነግሮት የተዘጋ በር ያገኘ ሰው ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

የቴሌግራም ቻናል ለዴሊቨሪና ለዕለቱ ምግብ ነው፤ ተከታዮቹ አብዛኞቹ ቤቱን የሚያውቁና በአካባቢው የሚሠሩ ናቸው። የምግብ ዝርዝሩ ከዋጋው ጋር፣ የስልክ ቁጥሩና የዴሊቨሪ ሰዓቱ በአንድ መልእክት ተጽፈው ከላይ ፒን ይደረጉ። ዋጋው ቫትን ያካተተ መሆን አለመሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ በስልክ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ የሚባክነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ቲክቶክና ኢንስታግራም ቤቱን ለማያውቀው ሰውና ለምሽቱ ወንበር ናቸው። ቅዳሜ ማታ የት እንደሚቀመጥ የሚያስብ ሰው የሚወስነው ከሐሙስ ጀምሮ ስለሆነ የምሽቱን ድባብ የሚያሳየው ቪዲዮ ሐሙስ ማታ ይውጣ።

አምስተኛ፦ አንድ ልጥፍ አንድ በር ብቻ ያንኳኳ

የአንድን ረቡዕ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንየው። ችግሩ ከ6 እስከ 7 ሰዓት የዴሊቨሪ ትእዛዝ መብዛቱ ነው። ማስታወቂያውን ማቆም ትእዛዙን ለሌላ ቤት መስጠት ስለሆነ መፍትሔው ጭነቱን ከ6 ሰዓት በፊት ማሳለፍ ነው። የጾም ወጥ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዝግጁ ስለሚሆን ይህ ይቻላል። ስለዚህ ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ቻናሉ ብቻ እንዲህ ተብሎ ይለጠፋል፦

«የነገ ረቡዕ የጾም በየዓይነቱ፦ ምስር ክክ፣ አተር ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሰሊያ፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ። 300 ብር፣ ቫትን ጨምሮ። እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ላዘዙን ከ6 ሰዓት በፊት ቢሮዎ እናደርሳለን። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚታዘዘው ከ7 ሰዓት ጀምሮ ይደርሳል። ስምዎን፣ የሕንፃውን ስምና ፎቁን ጽፈው ይላኩልን።»

መልእክቱ ውስጥ «መጥተው ይመገቡ» የሚል ቃል የለም፤ የሆነው ሆኖ የሚመጣው ሰው ያለ ጥሪ ይመጣል። «ከ4 ሰዓት በኋላ የሚታዘዘው ከ7 ሰዓት ጀምሮ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሥራ ትሠራለች፤ የተጨናነቀውን ሰዓት «አንቀበልም» ሳትል ትዘጋዋለች። ደንበኛው የሚናደደው ምግቡ በ7 ሰዓት በመድረሱ ሳይሆን በ6 ተኩል ይደርሳል ተብሎ በ7 በመድረሱ ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንዲት አጭር ማስታወሻ ትላካለች፤ ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ ያለ ድምፅ ብትላክ ይሻላል። ከዚያ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ምንም አይለጠፍ። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ኢንስታግራም ስቶሪ ላይ ቡናው ሲፈላ፣ ባዶው የመስኮት ዳር ጠረጴዛ ሲታይ ይለጠፍ፤ ይህ ለከሰዓቱ ወንበር ነው።

መልእክቶቹን ቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል፤ በተለጠፈበት ሰዓት መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ሥራው አይቆምም። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ጫን አድርገው ሲይዙ Schedule Message የሚል ይመጣል። እዚህ ላይ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑ አይዘንጋ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት 20:00 ነው። 2:00 ብለው ካስገቡ መልእክቱ የሚወጣው ሁሉም ሰው በተኛበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

የጾሙ አቆጣጠርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየሳምንቱ ረቡዕ እንዲደገም የተዘጋጀ የጾም ማስታወቂያ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ እንዲሁም ገና ወይም ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውሉ መውጣት የለበትም፤ ያን ጊዜ ጾም የለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ስሌቱ በሙሉ ይለወጣል፤ የምግቡ ዓይነት በየቀኑ የጾም ስለሆነ የወጥ ቤቱ ጣሪያ ከፍ ይላል፤ በሌላ በኩል ቀኑን ሳይበሉ የሚቆዩ ደንበኞች ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ስለሚመጡ ባዶ የነበረው ሰዓት ይሞላል። ቦኖ የመቁጠሩን ሥራ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ላይ መድገም ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፦ የተያዘ ጠረጴዛ በአንድ ደብተር ብቻ ይመዝገብ

ቦታ የሚያስይዝ ሰው በቴሌግራም፣ በኢንስታግራም፣ በስልክና በቲክቶክ አስተያየት ሥር ሳይቀር ይጽፋል። ጥያቄው ከየትም ይምጣ፣ የሚጻፈው ካሸሯ ጋ ባለው አንድ ደብተር ላይ ነው፤ በደብተሩ ላይ ያልተጻፈ ጠረጴዛ እንዳልተያዘ ይቆጠራል። ከ40 ወንበር ውስጥ ለምሽት ከ24 በላይ አስቀድሞ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ሁሉም ወንበር በቀጠሮ ከተያዘ በእግሩ የሚመጣው የሠፈር ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሦስተኛ አይመጣም። ጠረጴዛው ለ20 ደቂቃ ብቻ እንደሚጠበቅ ሲያዝ ይነገር፤ ከስምንት ሰው በላይ ከሆነ ቀብድ በቴሌብር ይቀበሉና ከሒሳቡ ላይ እንደሚቀነስ ይጻፉለት።

በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ የደረሰብኝን አንድ ስህተት ልንገራችሁ። ከውጭ ሀገር ለዕረፍት የመጣ ቤተሰብ በኢንስታግራም «ለቅዳሜ 7 ሰዓት፣ ለ12 ሰው» ብሎ ጻፈ፤ እኔም «እሺ፣ ተይዟል» ብዬ መለስኩና ደብተሩ ላይ 7 ሰዓት ብዬ አሰፈርኩ። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ 12 ወንበር ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶ አስቀምጠን፣ በር ላይ ሰው እየመለስን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ቤተሰቡ የመጣው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ አያታቸውን ይዘው፣ አንድም ባዶ ጠረጴዛ በሌለበት ነበር። እነርሱ የጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ «7 ሰዓት» ወይም «1 ሰዓት» የሚል ቁጥር ብቻውን አልቀበልም፤ «ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 7:00 ፒኤም፣ ለእራት፣ ለ12 ሰው» ብዬ ጽፌ «አዎ» እስኪሉ እጠብቃለሁ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ «በ12» የተባለው በእኛ ወር ይሁን በፈረንጁ ሳይታወቅ መመዝገብ የለበትም፤ የሳምንቱ ቀን ስም አብሮ ቢጻፍ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

ሰባተኛ፦ በሩን የሚዘጋ ሰው ይሰየም

በደንብ የታቀደ ቀንም ይበላሻል፤ አንዲት ሠራተኛ ትቀራለች፣ መብራት ይጠፋና የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይቆማል። ስለዚህ ምልክቱ አስቀድሞ ይታወቅ። ወጥ ቤት ውስጥ ያልወጡ ቦኖዎች 15 ሲደርሱ ካሸሯ ማንንም ሳታስፈቅድ ዴሊቨሪውን ትዝጋ። ሥራው ሦስት ነገር ነው፤ እንደ ቢዩ ባሉ መተግበሪያዎች ላይ ትእዛዝ መቀበልን ለጊዜው ማቆም፣ በቴሌግራም ፒን የተደረገውን መልእክት «ለአሁኑ ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንቀበላለን» ብሎ ማስተካከል፣ ስልክ ለሚያነሣው ሰው ያንኑ ሰዓት መንገር። ፒን የተደረገውን ማስተካከል አዲስ መልእክት ከመላክ ይሻላል፤ «ተጨናንቀናል» የሚል አዲስ መልእክት ለማዘዝ ያላሰበውን ሰው ሁሉ ስልክ ያስጮኻል።

የሚዘጉበት ቅደም ተከተልም ይወሰን። መጀመሪያ የሚዘጋው በመተግበሪያ የሚመጣው ነው፤ ቀጥሎ በስልክ የሚመጣው። ያስያዘ ሰው ጠረጴዛ ግን በምንም ምክንያት አይነካም፤ ቃል የተገባለት እርሱ ነውና።

ስምንተኛ፦ ላይክ ሳይሆን ቦኖ ይቁጠሩ

አንድ ቪዲዮ ብዙ ሺህ ሰው ሊያየው ይችላል፤ ከእነዚያ አብዛኛው ሐዋሳ ወይም ዱባይ ቢሆን ለሐሙሱ ምሳ የሚጨምረው የለም። ልኬቱ ቀላል ይሁን። አስተናጋጁ ወይም ስልክ ተቀባይዋ «በየት ሰሙን?» ብለው ይጠይቁና ቦኖው ጥግ ላይ አንዲት ፊደል ይጻፉ፤ «ቴ» ለቴሌግራም፣ «ቲ» ለቲክቶክ፣ «ካ» ለካርታው፣ «ሰ» በሰው ለሰማ። ማታ ካሸሯ ቦኖዎቹን በሦስቱ በሮችና በሰዓታቸው ለይታ ትደምራለች፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለት ነገር ይታይ። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 7 ሰዓት ያለው የዴሊቨሪ ቁጥር ነው፤ ከ7 ሳህን በታች ሆኖ ጠዋት የሚታዘዘው ከጨመረ የማክሰኞው መልእክት ሠርቷል። ካልሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ መልእክቱ ዘግይቶ እየወጣ ነው፣ ወይ መተግበሪያው ላይ የዴሊቨሪ ሰዓቱ ሳይስተካከል ቀርቶ ደንበኛው በዚያ በኩል እየገባ ነው። ሁለተኛው ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ወንበር ነው፤ ስቶሪው በሚወጣባቸውና በማይወጣባቸው ቀናት መካከል ልዩነት ከሌለ ፎቶ መቀየር ብዙም አይረዳም። በዚያ ሰዓት ሰው ቡና ይዞ የሚሠራበት ጸጥ ያለ ቦታና የሚሠራ ዋይፋይ ይፈልግ እንደሆነ ከመለጠፍ በፊት ወርዶ፣ አንድ ከሰዓት ተቀምጦ፣ በሩ አጠገብ የሚያልፉት እነማን እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል።